ትዕይንት 14 የትኛው ነው? የአንድ ስክሪፕት ማስተካከያ የጉዳይ ጥናት

የመጀመሪያው የቀረጻ ቀን ቅዳሜ ነበር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ፣ ካሜራማኑና እኔ ለገሃር፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቆመናል። ብርሃኑ ቆንጆ ነው። መኪናው ገና አልበዛም። የምንጠብቀው ወንድምየውን የሚጫወተውን ልጅ ነው። 2 ሰዓት ሆነ፤ አልመጣም። ስንደውልለት ከእንቅልፉ ቀሰቀስነው። «ዛሬ የለህበትም ተብያለሁ እኮ» አለን።

ወዲያው የፕሮዳክሽን ማናጀሯ ከአራት ኪሎ ደወለች። «ኧረ የት ናችሁ? እናትየው ሜካፕ ጨርሳ ተቀምጣለች። የቤቱ ባለቤት ቡና አፍልተው እየጠበቁን ነው» አለች።

የሁላችንም ወረቀት «ትዕይንት 14» ይላል። የእሷ 14 እናትና ልጅ ኩሽና ውስጥ የሚያወሩበት ነው። የእኛ 14 ወንድምየው ለገሃር ታክሲ የሚጠብቅበት ነው። ማንም አልተሳሳተም። እሷ የያዘችው ከእኛ ቀደም ብሎ የተጻፈውን ስክሪፕት ነው። ቁጥሩ በሁለቱ መካከል የተንሸራተተው ደግሞ በእኔ፣ በስክሪፕቱ ጸሐፊ እጅ ነው። የዚያን ቀን እስከ 6 ሰዓት ድረስ አንድም ምስል አልቀረጽንም። ካሜራው በቀን የተከራየ ነው። የቤቱ ባለቤት ያፈሉትን ቡና እናትየዋና የሜካፕ ባለሙያዋ ብቻቸውን ጠጡት።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ምን እንዳደረግን ለማሳየት ነው። የደንበኛ አስተያየት እንዴት ወደ ስክሪፕቱ እንደሚገባ፣ ስሪቱ እንዴት እንደሚሰየም፣ የትዕይንት ቁጥር ለምን እንደሚቆለፍ፣ ማለትም ከዚያ ወዲያ እንዳይለወጥ ለምን እንደሚደረግ የገባኝ በዚህ ስራ ላይ ነው።

ስራው ትንሽ ነው። አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ለአባላቱ የሚያሳየው የ15 ደቂቃ ድራማ አዘዘን። ታሪኩ ስለ አንዲት ወጣት ነው። የስፌት መኪና መግዛት ትፈልጋለች፤ ገንዘብ የላትም። መጀመሪያ አራጣ አበዳሪ ጋ ትሄዳለች፤ በኋላ ወደ ማኅበሩ ትመጣለች። ስክሪፕቱ 18 ገጽ፣ 24 ትዕይንት ነበር። ቢሯችን ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ስለሆነ ሎኬሽኖቹን ሁሉ እዚያው መሃል ከተማ ላይ መረጥን። ለገሃር፣ አራት ኪሎ፣ አምባሳደር አካባቢ፣ በቃ።

ሦስተኛው ረቂቅ ላይ ስንደርስ ፕሮዳክሽን ማናጀሯ ብሬክዳውን መስራት ጀመረች። ለየትኛው ትዕይንት የትኛው ተዋናይ፣ የትኛው ልብስ፣ የትኛው ዕቃ እንደሚያስፈልግ በቁጥር በቁጥር ዘረዘረች። የቀረጻው ፕሮግራም የወጣው ከዚያ ነው። የልብስ ኃላፊዋም ኮሮጆዎቿ ላይ ቁጥር ጻፈች።

በዚህ መሃል ደንበኛው ሁለት ነገር ጠየቀ። ትዕይንት 6፣ ማለትም የአራጣ አበዳሪው፣ ይውጣ አለ። 10 እና 11 ደግሞ አንድ ይሁኑ አለ። ሁለቱም ልክ ጥያቄ ነው። ፋይሉን ከፈትኩ፣ 6ን ሰረዝኩ፣ 10 እና 11ን አዋሃድኩ፣ ላክሁ። የትዕይንት ቁጥሮቹን የሚያወጣው ወርድ ራሱ ነበር። አንዱ ሲሰረዝ የቀሩት በሙሉ ወደ ላይ ተሳቡ። 24 የነበረው 22 ሆነ። የድሮው 14 አሁን 12 ነው። የድሮው 16 አሁን 14 ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ሲያደርግ ምንም ምልክት አይሰጥም። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር ንጹህ ይመስላል። ችግሩ የሚታየው ወረቀቱ ከሌሎች ሰዎች ወረቀት ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው።

እሁድ ቢሮ ተሰበሰብን። የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛውን ቁጥር እንያዝ የሚል ነበር። አዲሱ ባለ 22 ንጹህ ነው፤ ክፍተት የለውም። ዳይሬክተሩ እሱን ይዘን እንቀጥል አለ። እኔ ግን የድሮውን መረጥኩ። ብሬክዳውኑ፣ ፕሮግራሙ፣ የልብስ ኮሮጆዎቹ በሙሉ የተሰሩት በባለ 24ቱ ነው። አዲሱን የሚያውቀው ስክሪፕቱን ያነበበ ሰው ብቻ ነው። የድሮውን ስክሪፕቱን ከፍተው የማያውቁት የመብራት ልጆች እንኳን ያውቁታል። ቁጥር የሚቆለፈው ብዙ ሰው ስራውን በተደገፈበት ላይ ነው። ዳይሬክተሩም ትንሽ አሰበና ተስማማ።

ስለዚህ ወደ 24 ተመለስን። ትዕይንት 6 ከታሪኩ ቢወጣም ቁጥሩ ቦታው ላይ ቀረ፤ ከሥሩ «ተሰርዟል» ብቻ ተጻፈ። 11 ላይ «ከ10 ጋር ተዋህዷል» ተባለ። አንባቢ 5ን አንብቦ ወደ 7 ሲሄድ ገጽ የጠፋበት እንዳይመስለው ይህች አንዲት መስመር ግዴታ ናት። የተሰረዘ ቁጥር ደግሞ ለሌላ ትዕይንት አይሰጥም። መቼም።

ቀጥሎ ቁጥሮቹን ከወርዱ አውቶማቲክ ዝርዝር አላቀቅናቸው። በእጅ መጻፍ ይቻላል። እኛ ግን ፋይሉን ኮፒ አድርገን `Alt+F11` ተጫንን፣ በ`Ctrl+G` ታች ያለውን መስኮት ከፈትን፣ ይህችን መስመር ጻፍንና ኤንተር አልን።

```
ActiveDocument.ConvertNumbersToText
```

ከዚህ በኋላ ቁጥሮቹ እንደማንኛውም ፊደል ተራ ጽሑፍ ናቸው። አንዱን ብትሰርዙ ሌላው ከቦታው አይነቃነቅም። ትዕዛዙ ግን ፋይሉ ውስጥ ያሉትን አውቶማቲክ ዝርዝሮች በሙሉ ነው የሚቀይረው። ኮፒ ላይ መስራት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እኛም ጋ ከቀየረ በኋላ የተሰረዙትን ቁጥሮች በእጃችን መልሰን አስገባን፤ ከእነሱ በኋላ ያሉትንም ወደ ድሮ ቁጥራቸው መለስን። 24ቱንም አንድ በአንድ ከብሬክዳውኑ ጋር እያስተያየን ጮክ ብለን አነበብን። አስር ደቂቃ አልፈጀም።

ስያሜው ላይ ብዙ አልተከራከርንም። ያ ፋይል አምስተኛው ስለነበር v05 አልነው፤ ነጭ ብለንም ሰየምነው። የአሜሪካ ፊልም ሰሪዎች ስክሪፕቱ ከተቆለፈ በኋላ የሚመጣውን እያንዳንዱን ማስተካከያ በወረቀት ቀለም ይለያሉ። ከነጭ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ከዚያ ሮዝ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ እያለ ይቀጥላል። እኛ ባለቀለም ወረቀት አልገዛንም፤ የቀለሙን ስም ብቻ ወሰድን። «ሰማያዊው ደርሶሃል?» ማለት «ቨርዥን ስድስት ደርሶሃል?» ከማለት ይቀላል። በስልክም አያሳስትም። የፋይሉ ስም `sifet_v06_semayawi.docx` ይላል። ቁጥሩ ከቀለሙ በፊት መጥቷል፤ ፋይሎቹ በቅደም ተከተል የሚቀመጡት በእሱ ነው። ቀን ስሙ ውስጥ አላስገባንም። ደንበኛው ደብዳቤውን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል፣ እኛ በኢትዮጵያ። በቀን ብንለይ ሌላ ቅዳሜ እንጋብዛለን።

ዋናው ነገር ግን የፋይሉ ስም አይደለም። ሰው ፋይሉን ከፍቶ ሲያትም ስሙ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ላይ ስሪቱንና ቀለሙን አስገባን። ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም በማግስቱ አየሁ።

ሰኞ ዕለት ሁለተኛው ዙር አስተያየት መጣ። ከማኅበሩ ሦስት ሰዎች ናቸው የላኩት። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ወርድ ላይ 9 ኮሜንት ጽፋለች። ምክትል ሥራ አስኪያጁ በቴሌግራም ድምፅ ልከዋል፤ ሲቆጠር 16 ነጥብ ወጣው። የብድር ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ አትሞ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎ ፎቶ አንስቶ ላከ፤ 6 ናቸው። ባጠቃላይ 31።

ፎቶዎቹ ላይ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ትዕይንት 12፣ እናትየው ብዙ አታልቅስ።» በተቆለፈው ስክሪፕት 12 ላይ እናት የለችም። ገበያ ነው። ራስጌ የሌለው የድሮ ወረቀት ላይ ነበር የሰራው፤ ያንን የተንሸራተተውን v04። ያወቅሁት እናትየው ስለተጠቀሰች ነው። አስተያየቱ «ይህ ትዕይንት ይጠር» ብቻ ቢሆን ኖሮ ገበያውን አሳጥሬ እልከው ነበር። ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ለዚህ ነው አሁን አንድ ሰው ቁጥር ሲጠራልኝ መጀመሪያ «ገጹ ራስ ላይ ምን ይላል?» የምለው።

31ዱን በቀጥታ ስክሪፕቱ ውስጥ መጻፍ አልጀመርኩም። ድሮ የማደርገው እንደዚያ ነበር፤ ኮሜንቱን እያነበብኩ እየቀየርኩ እሄዳለሁ። አሁን መጀመሪያ ኤክሴል ላይ መዝገብ ከፈትኩ። እያንዳንዱ መስመር የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ማን እንደተናገረ፣ በተቆለፈው ቁጥር የትኛው ትዕይንት እንደሆነ፣ የተናገረው በራሱ ቃል፣ የኛ ውሳኔ፣ በመጨረሻም የገባበት ስሪት። የድምፅ መልእክቶቹን ቃል በቃል ገለበጥኳቸው። «እ...» እና «ማለት...» ሲቀር ሌላውን አልነካሁም። በራሴ አባባል ከጻፍኩት የኔ ግምት የእሳቸው ትዕዛዝ መስሎ ይቀራል።

ተደጋጋሚዎቹ ሲዋሃዱ 31ዱ 26 መስመር ሆኑ። ከእነዚህ 15ቱ ግልጽ ለውጥ ናቸው። 6ቱ ለውጥ አይደሉም፤ ጥያቄ ናቸው። «ይህች ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?» የሚል ሰው ዕድሜዋን ቀይሩ አላለም። መልስ ተሰጣቸው፣ ተዘጉ። 3ቱ እርስ በእርስ ይጣላሉ። 2ቱ ከበጀት በላይ ናቸው፤ ምክንያታቸው ተጽፎ ተመለሱ።

የሚጣሉትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ በስልክ መቆጠብ እንደሚቻል ይነገር ትላለች። የብድር ክፍሉ ኃላፊ አገልግሎቱ ገና ስላልተጀመረ እንዳይነሳ ይላል። ጸሐፊ እዚህ መሃል ገብቶ ማስታረቅ የለበትም። ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አድርጌ ለምክትል ሥራ አስኪያጁ ላክሁ። «አንድ ውሳኔ እንፈልጋለን፣ እስኪመጣ ድረስ ትዕይንቱ አይነካም» አልኩ። በዚያው ቀን መለሱ፤ አይነሳም ተባለ።

አሁን አንዱን መስመር ከመነሻው እስከ መጨረሻው ላሳያችሁ። መለያው 07 ነው። ከምክትል ሥራ አስኪያጁ ድምፅ የተገለበጠ፦ «ያቺን የቢሮዋን ነገር ትንሽ ቀዝቀዝ አድርጓት።»

የቢሮው ትዕይንት 9 ነው። ምኑ ነው የሚቀዘቅዘው? መጀመሪያ የመሰለኝ ልጅቷ ናት፤ ትለማመጣለች፣ ታለቅሳለች። የእሷን ንግግር ልቀንስ ተነሳሁና ቆም አልኩ። ደወልኩላቸው።

«የትኛዋ መስመር ላይ ነው የከበደዎት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የልጅቷስ ይሁን። ችግረኛ ትለምናለች። የከበደችኝ የኛ ሠራተኛ ናት። ቀና ብላ እንኳን አታያትም እኮ! ይህን አባል ቢያየው ምን ይላል?»

ችግሩ ልጅቷ አልነበረችም። በግምቴ ሰርቼ ቢሆን ኖሮ ጥሩውን አበላሽቼ መጥፎውን እተው ነበር። v05 ላይ ትዕይንቱ እንዲህ ይል ነበር፦

9. ውስጥ። የማኅበሩ ቢሮ። ቀን።
ሠራተኛዋ ቀና ሳትል ወረቀት ታገላብጣለች።
ልጅቷ፦ እባክሽ እህቴ፣ በእግዚአብሔር...
ሠራተኛዋ፦ ስድስት ወር ሳትቆጥቢ ብድር የለም። ቀጣይ!

v06፣ ማለትም ሰማያዊው፣ እንዲህ ሆነ፦

9. ውስጥ። የማኅበሩ ቢሮ። ቀን።
ሠራተኛዋ ቀና ትላለች። ወንበር ትጠቁማታለች። *
ልጅቷ፦ እባክሽ እህቴ፣ በእግዚአብሔር...
ሠራተኛዋ፦ ብድሩ ስድስት ወር ከቆጠብሽ በኋላ ነው። ደብተሩን ዛሬ እንክፈትልሽ? *

ኮከቡ ያለበት መስመር በዚህ ስሪት የተለወጠ ነው። ተዋናይዋ ሙሉውን እንደገና አታነብም፤ ዓይኗ ኮከቡን ይዞ ይወርዳል። የልጅቷ መስመር ኮከብ ስለሌለው ያጠናችውን አትነካውም። ሮዙ ሲወጣ የሰማያዊው ኮከቦች ይጠፋሉ፤ የሮዙ ብቻ ይቀራሉ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ኮከቡ ምንም አይነግራችሁም።

ግን መስመር 07 እዚህ አላበቃም። እያንዳንዱን ለውጥ ካስገባሁ በኋላ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ይህን የሚያስታውስ ሌላ ትዕይንት አለ ወይ? ፋይሉ ውስጥ «ቀና» ብዬ ፈለግሁ። 14 ላይ፣ ኩሽና ውስጥ፣ ልጅቷ ለእናቷ «ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም እማዬ» ትላለች። አሁን ይህ ውሸት ሆኗል። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አይታታለች፣ ወንበርም ሰጥታታለች። ስለዚህ 14ም ተለወጠ፦ «ስድስት ወር ጠብቂ አለችኝ እማዬ። ስድስት ወር!» በእርግጥ ይሄኛው ይሻላል። ልጅቷን ያስለቀሳት ንቀት ሳይሆን ጊዜው ነው፤ ታሪኩም ስለ መቆጠብ ነው። መዝገቡ ላይ 07 ጎን «9፣ 14» ተብሎ ተጻፈ። ፕሮዳክሽን ማናጀሯ 14ን ረቡዕ ልትቀርጽ ነበር። ሰማያዊው ማክሰኞ ማታ ባይወጣ ኖሮ የድሮው ንግግር ይቀረጽና ኤዲቲንግ ላይ ስንደርስ እናገኘው ነበር።

ማክሰኞ ማታ ከመላኬ በፊት አንድ ማጣሪያ አደረግሁ። ወርድ ላይ `Review` ውስጥ `Compare` የሚል አለ። v05 እና v06ን ሰጠሁት። `Track Changes` በርቶ ይሁን ጠፍቶ ልዩነቱን በሙሉ ያወጣል። ከዚያ የወጣውን እያንዳንዱን ለውጥ ከመዝገቡ ጋር አገናኘሁ። አንዱ ወላጅ አጣ። 19 ላይ «ነገ» የነበረውን «ሰኞ» አድርጌዋለሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ሳነብ ጆሮዬን ቆርቁሮኝ በራሴ የለወጥኩት ነው። መለስኩት። ጸሐፊ የራሱ ሐሳብ ካለው በራሱ ስም መዝገብ ላይ ያስገባው፤ ደንበኛው አይቶ ይፍቀድ። ደንበኛው ያልጠየቀው ለውጥ በጠየቀው መሃል ተደብቆ ከተገኘ በሌላው ሁሉ ላይም እምነት ያጣል፤ እውነትም አለው።

ተጨማሪ ትዕይንቶችም መጡ። ደንበኛው ልጅቷ የቁጠባ ደብተሯን ስትከፍት እንዲታይ ፈለገ። ቦታው ከ9 በኋላ፣ ከ10 በፊት ነው። 9ሀ ተባለ። ደብተሩን ይዛ አምባሳደር አካባቢ ስትሄድ የሚያሳየው 9ለ ሆነ። እስከዚህ ሰላም ነው። ሐሙስ ጠዋት፣ ሮዙን ስናዘጋጅ፣ ሦስተኛ ተጨመረ። ወንድምየው ደብተሩን አይቶ የሚስቅበት ነው። ረዳታችን እንደ ተማርነው ቀጥሎ ያለውን ፊደል ሰጠው፦ 9ሐ።

ለልብስ ኃላፊዋ በስልክ «ነገ ዘጠኝ ሐ አለ» ብሎ ነገራት። እሷም «እሺ፣ ያው ቢሮ ውስጥ የለበሰችው ነጠላ አይደል?» አለችው። አይደለም። 9ሐ ቤት ውስጥ ነው። እሷ የሰማችው 9ሀ ነው። ወረቀት ላይ ሁለቱ ፊደላት አይመሳሰሉም፤ በአፍ ግን አንድ ናቸው። የቆሎ ተማሪ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ ብሎ ይለያቸዋል። ቀረጻ ቦታ ላይ፣ መኪና እየጮኸ፣ እንዲህ የሚል ሰው አይገኝም። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚሰሩትም ተመሳሳይ ጣጣ አለባቸው፤ ብዙዎቹ `I` እና `O`ን ይዘሏቸዋል፣ ከ1 እና ከ0 ጋር ስለሚምታቱ። የእነሱ ችግር ዓይን ላይ ነው፤ የኛ ጆሮ ላይ።

ሮዙ ገና አልተላከም ነበር። ስለዚህ ትዕይንቱን 9መ አልነውና ወጣ። አንዴ ከተላከ በኋላ ቢሆን አንቀይረውም ነበር፤ ቁልፍ ማለት ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ ለተጨማሪ ትዕይንት የምንጠቀመው በድምፅ የማይጋጩትን ብቻ ነው፦ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ ቀ፣ በ። ሐ፣ ኀ እና ሠ አይገቡም። ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል።

የቅዳሜው ቀረጻ ደግሞ የራሱን ጠባሳ ትቷል። ከሰዓት በኋላ ልጁ ሲመጣ ለገሃርን ቀርጸን ነበር። በየቀረጻው መጀመሪያ ካሜራው ፊት የሚያዘው ሰሌዳ፣ ክላፐሩ ላይ የተጻፈው 14 ነው። በተቆለፈው ቁጥር ግን 16 ነው። ረቡዕ ኩሽናውን ስንቀርጽ ክላፐሩ እንደገና 14 አለ፤ ይሄኛው በትክክል። ኤዲተሩ ሁለት የማይገናኙ 14 ሊመጡለት ነው። ምስሉ ላይ ያለውን ቁጥር መፋቅ አይቻልም። ያደረግነው የቅዳሜውን ክሊፖች «16» በሚል ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥና እዚያው «ክላፐሩ 14 ይላል፣ ትዕይንቱ 16 ነው» የሚል አጭር ጽሑፍ መጨመር ነው። ለእሱም በቃል ነገርኩት። ሆኖም ከወራት በኋላ ፎልደሩን የሚከፍት ሌላ ሰው ግራ መጋባቱ አይቀርም። ዘግይቶ መቆለፍ ይህን ያስከፍላል፤ ሙሉ በሙሉ አይታረምም።

ታዲያ መቼ ነው የሚቆለፈው? ቶሎ ከሆነ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ቢቆለፍ ደንበኛው ገና ታሪኩን እየለዋወጠ ስለሆነ ግማሹ «ተሰርዟል»፣ ግማሹ 9ሀ፣ 9ለ እያለ ስክሪፕቱ አይነበብም። እኔ አሁን የምይዘው መስመር ብሬክዳውን ነው። ፕሮዳክሽን ማናጀሯ «መዘርዘር ልጀምር ነው» ያለች ዕለት ይቆለፋል። ከዚያ በፊት ቁጥሩ እንደፈለገ ይንሸራተት።

ገጽ አልቆለፍንም። በረጅም ፊልም ስክሪፕት ገጹም ይቆለፋል፤ ገጽ 15 ላይ ጽሑፍ ሲጨመር ትርፉ 15ሀ ወደሚባል አዲስ ገጽ ይሄዳል እንጂ 16ን አይገፋም። 18 ገጽ ላይ ይህ ድካም ብቻ ነው። እኛ ሙሉውን እንደገና አትመን የድሮውን ሰበሰብን። መሰብሰቡ ላይ ግን አንደራደርም። ሰማያዊውን የሚሰጠው ሰው ነጩን ይቀበላል። ነጩን ያልመለሰ ሰማያዊ አያገኝም። ሐሙስ ዕለት የመብራቱ ልጅ ነጩ ጠፋብኝ አለ። ከመኪናው ወንበር ሥር አግኝተን ነው ሰማያዊውን የሰጠነው።

አርብ ማታ ቀረጻው አለቀ። ፊልሙ ተሰርቶ ካስረከብን በኋላ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ደወሉልኝ። ቦርዱ አይቶት ወዶታል። አንድ አባል ግን የአራጣውን ነገር ለምን አላነሳችሁም ብለው ጠይቀዋል። «ነበረ አይደል እንዴ ልጄ? ማን ነው ያስወጣው?» አሉኝ።

የመጀመሪያው ዙር አስተያየት ከመዝገቡ በፊት ቢመጣም መዝገቡን ስከፍት እሱንም ወደኋላ ሄጄ አስገብቼዋለሁ። ትዕይንት 6 ብዬ ፈለግሁ። «ተሰርዟል» ይላል፤ ጎኑ ላይ ምክንያቱ በጠያቂው ቃል ተገልብጧል፦ «አራጣ የሚለው ቃል ከማኅበራችን ስም ጋር አብሮ እንዲሰማ አንፈልግም።» ጠያቂው እሳቸው ናቸው። አነበብኩላቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«ልክ ነው፣ እኔ ነኝ። ያኔ እንደዚያ ነበር የታየኝ» አሉ። ቀጥለውም ትዕይንቱ እንዳለ ጠየቁኝ። አለ። v03 ውስጥ፣ በራሱ ቁጥር፣ አንድም ፊደል ሳይነካ ተቀምጧል። ለቦርዱ እንዲያነቡላቸው ገጹን በዚያው ቀን ላክሁላቸው። ራስጌው ላይ «v03፣ ያልተቆለፈ» ብዬ ጽፌበታለሁ።